ቀኝ ቀኙን ማን ወሰደው?

ባለቤቴ ምስር ስትለቅም ነው የጻፍሁትን የማነብላት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፤ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ጠጠሩንና የነቀዘውን እየነጠሉ ወደ ጎን ይጥላሉ። አስተያየት አልጠይቃትም፤ ብጠይቃትም "ደኅና ነው" ከማለት አታልፍም። እኔ የማየው ጣቶቿን ነው። ከቆሙ ጽሑፉ ይዟታል ማለት ነው። ካልቆሙ ደግሞ ቢያንስ የዚያን ቀን ወጥ ጠጠር አይኖርበትም።

ባለፈው ክረምት እዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ ለምንሰበሰብ ጥቂት የንባብ ወዳጆች ወግ ላቀርብ ቃል ገባሁ። ደንቡ አንድ ነው፤ ከራስ ሕይወት የተወሰደ መሆን አለበት። ታሪክ አላጣሁም። ልጅ ሳለሁ፣ ለቡሄ ሰሞን፣ አባቴ ከጉና ሥር ድንች ጭኖ ወርዶ፣ ሸጦ፣ የመጀመሪያዬን ጫማ ገዝቶልኝ ተመለሰ። ኮንጎ ነበር፤ ያ ጥቁሩ የፕላስቲክ ጫማ። ማታ በኩራዝ ብርሃን ሳደርገው ሁለቱም የግራ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ይኸው ነው። በአፍ ስናገረው ሰው ሁሉ ይስቃል። "ይህን ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ይከብዳል?" ብዬ ተቀመጥሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ከሦስቱ ሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት ተኩል የሚጠጋው የሄደው በርዕሱና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ርዕሴ "የእንባዬ ጎዳና" ይል ነበር። አንቀጹን ሳላሳምር እንዳለ ላስቀምጠው፤ ማፈሬን አንዴ ልጨርሰው።

"ወይ ድህነት! ወይ ያ ክፉ ዘመን! ሰማዩ በጥቁር ደመና ተጋርዷል፤ ታላቁ ጉና በሐዘን አንገቱን ደፍቷል። የአንድ ምስኪን ሕፃን ልብ በዚያች የተረገመች ምሽት ተሰብራ ላትጠገን ተሰነጠቀች! እነሆ ብዕሬ ስታለቅስ እኔም አብሬያት አለቀስሁ…"

የባለቤቴ ጣቶች መቆም ቀርቶ እንዲያውም ፈጠኑ። ሰው የማያውቀው ለቅሶ ቤት ገብቶ አቀርቅሮ እንደሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ ቶሎ ጨርሶ መውጣት ነው የሚፈልገው።

ይህ በሽታ ከየት እንደያዘኝ በኋላ ደረስሁበት። በልጅነቴ ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ጸሐፊ ነበርሁ። ልጃቸው ወታደር የሆነባቸው፣ እኅታቸው አዲስ አበባ የገባችባቸው እናቶች ወረቀትና ፖስታ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም የገጹን እኩሌታ በሰላምታ እሞላለሁ። ሰላምታው እንደ ሰማይ ከዋክብት ይበዛል፣ እንደ ምድር አሸዋ አይቆጠርም፣ ናፍቆቱ ውቅያኖስ ያቋርጣል። ዋናው ነገር (ላሚቱ ወልዳለች፣ ብር ላክ) ከታች በሁለት መሥመር ይጠቃለላል። በደብዳቤ ላይ ይህ ጥፋት የለበትም። ተቀባዩ ልጅ ነው፤ እናቱን ፖስታውን ሳይከፍት በፊት ይወድዳታል። ከዋክብቱን ብታበዛለት አይሰለቸውም፤ እንዲያውም ብታሳንስ "ምን አስቀየምኋት?" ይላል። የወግ አንባቢ ግን የማንም ልጅ አይደለም። እኔን አያውቀኝም፣ እግሬንም አያውቀውም። በመጀመሪያው መሥመር "አልቅስልኝ" ስለው ገና ያላበደርሁትን እየጠየቅሁት ነው።

ይህን ነገር በደንብ የሚያውቁት ሙሾ አውራጆች ናቸው። ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ጥሩ አውራጅ ስታወርድ ራሷ አታለቅስም። በእኛ ገጠር አንዲት ስመ ጥር አውራጅ ነበሩ፤ ለቀስተኛው መሐል ሲገቡ ፊታቸው ሒሳብ እንደሚያስብ ሰው ነው። "ወዮ፣ ዓለም ጨለመች" ብለው አይጀምሩም። የሟቹን በቅሎ ያነሣሉ፤ መልኳን፣ ኮርቻዋን፣ ዛሬ ማን እንደያዛት። ወይም ሟቹ ሳያጭደው የቀረውን ገብስ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ጩኸቱ የሚነሣው በዚያች ዝምታ ነው፤ እሱም ከእሳቸው አፍ ሳይሆን ከለቀስተኛው። እኔ ደግሞ በቅሎዋን ሳላነሣ ቀድሜ ደረቴን ደቃሁ። ስንት ጫማ፣ ምን ቀለም፣ በየትኛው እግር፣ ማንም ሳያውቅ!

ስለዚህ አንድ ምርመራ ለራሴ አወጣሁ። አንቀጹን አንሥቼ ሌላ ሰው ታሪክ ላይ ለመለጠፍ ሞከርሁ። "ወይ ድህነት… ሰማዩ… የተሰነጠቀች ልብ…" ለበሬ መጥፋት ይሆናል። ለማትሪክ መውደቅ ይሆናል። ለጋብቻ መፍረስማ የተሰፋ ያህል ልክ ይመጣል። እንግዲያው ከኔ ጫማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም ማለት ነው። ቃለ አጋኖዎቹን አንድ በአንድ ስሰርዝ ዓረፍተ ነገሮቹም አብረው ወደቁ፤ ያቆማቸው ምልክቱ ብቻ ኖሯል።

በሁለተኛው ሙከራ ከልቅሶ ሸሽቼ ታሪክ ውስጥ ገባሁ። የደብረ ታቦር ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ሴባስቶፖልን ሳይጎትት አይነሣም፤ እኔም ጎተትሁ። ርዕሱ "ከጋፋት እስከ ገበያው" ሆነ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን፣ ስሟ በቡሄ ከሚታሰበው ከታቦር ተራራ መምጣቱን ገለጽሁ። ዓፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጎረቤታችን ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፋቸውን ማሠራታቸውን አስረዳሁ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ያ ብረት በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ እንደፈጀም አልቀረም። ሁሉም እውነት ነው። ባለቤቴ እስከ ጋፋት ድረስ ታገሠችኝ። መድፉ መንገድ ሲጀምር፣

"ጫማው መቼ ነው የሚመጣው?" አለች፤ ጣቶቿ ሥራቸውን አላቋረጡም።

እውነቷን ነው። ንጉሡ መድፉን የጎተቱት የሚተኩሱት ነገር ስለነበራቸው ነው። እኔ ግን ከአንድ ኮንጎ ጫማ ፊት 70 ኩንታል ብረት አስቀምጬ አንባቢን "ይህን ገፍተህ እለፍ" አልሁት። ለምን እንዳደረግሁትም አውቀዋለሁ። የራሴ ታሪክ አነሰብኝ፤ የጫማ ነገር ብቻዬን ይዤ ሰው ፊት መቅረብ አፈርሁና የሚያጅበኝ ፈለግሁ። ልቅሶውም መድፉም ለካ ከአንድ እፍረት ነው የሚወለዱት፤ አንዱ ትንሹን ነገር በእንባ ያሳብጣል፣ ሌላው በታሪክ ያሳብጣል።

ሦስተኛው ሙከራዬ ላይ ብልጥ ሆንሁ፤ እንዳትፈርዱብኝ እንጂ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮርቼበታለሁ። ርዕሱን "ግራ የገባው እግር" አልሁት። ሰሙም ወርቁም ተስማምቷል፤ ግራ መጋባትም አለ፣ ግራ ጫማም አለ። ባለቤቴ ርዕሱን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ አንቀጹን ማንበብ ስጀምር ወደ ምስሯ ተመለሰች።

"ምነው?"

"ገባኝ እኮ። ጫማው ግራ ነበር አይደል?"

ርዕሱ ራሱ ሳቁን ስቆ ጨረሰው። አንቀጹ ሲመጣ ማዕዱ ተነሥቷል።

እዚህ ላይ ያገራችንን ሰው አለቃ ገብረሃናን ማንሣት ግድ ይለኛል። አለቃ የፎገራ፣ የናበጋ ሰው ናቸው፤ ከእኛ ቁልቁል ወደ ጣና ሲወርዱ ነው አገራቸው። ስለሳቸው ከሚነገሩት ቀልዶች አንዱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አለቃ መንገድ ላይ አህዮች የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። "እንደምን አደራችሁ?" ይሏታል። "ደኅና" ብላ ታልፋለች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ነው ብቻዋን መሆኗ ትዝ የሚላት። ይህን ቀልድ ሰው ሲያወራው ተመልከቱ። "አለቃ አንዲትን ሴት ከአህዮቿ እኩል የሰደቡበትን ላውጋችሁ" ብሎ የሚጀምር የለም። በመንገድ ይጀምራል፣ በአህያ፣ በሰላምታ፤ ሦስቱም በየቀኑ የምናያቸው ናቸው። ሴትዮዋ በኋላ እንደነቃችው ሰሚውም በኋላ ይነቃል። እኔ ግን ሴትዮዋ ገና ብቅ ሳትል "አህዮቹን ቁጠሩ" ብዬ ጮህሁ። ቃላት የሚጫወት ርዕስ መጥፎ ነው አልልም፤ ቅኔ ባደገበት አገር ይህን የሚል ይወገራል። ነገር ግን ወርቁ ርዕሱ ላይ ካለቀ ለአንቀጹ የሚቀረው ሰሙ ነው።

በአራተኛው ጊዜ ደከመኝና ነገሩን እንደነበረ ጻፍሁት። ርዕስም አልሰጠሁት። አንድ ምሽት ባለቤቴ ሰፌዷን ይዛ እንደተቀመጠች እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፦

"አባቴ ከገበያ የገዛልኝ ጫማ ሁለቱም የግራ ነበር።"

አውራ ጣቷ አንድ የምስር ፍሬ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

"ቀኝ ቀኙን ማን ወሰደው?" አለች።

እኔ ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራው ኖሬ ያ ጥያቄ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ልክ ናት እኮ! እኔ ሁለት ግራ ካገኘሁ፣ በዚያው ማታ ፋርጣ ውስጥ በሆነ ጎጆ ሌላ ልጅ ሁለት ቀኝ አድርጎ በኩራዝ ፊት ቆሟል። ወይ ደግሞ ነጋዴው ጆንያ ውስጥ ሁለት ቀኝ ይዞ ራሱን እያከከ ነው። ያን ሁሉ ልቅሶ፣ ያን ሁሉ መድፍ ስደረድር የቆየሁት ይህን ጥያቄ በሚያፍን ቦታ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለ ባልልም መልክ ያዘ። አንቀጹ ጥያቄዋ እስክትነሣ ይሄዳል፤ መልስ ሳይሰጥ ይቆማል። በዚህ ሚዛን የሚወጣው ወጣ። ያ ቡሄ ያለፈው ጭቃ ላይ የማያቸውን እግሮች ሁሉ ሁለት ቀኝ ያደረገ ልጅ ፍለጋ ስመረምር መሆኑን አንደኛው አንቀጽ ላይ ጽፌው ነበር። ጓደኞቼ ዱካዬን አይተው "ሁለት ሰዎች በአንድ አንድ እግር አልፈዋል" ማለታቸውንም ጨምሬ ነበር። ሁለቱም ከጽሑፉ ሁሉ የምወዳቸው ናቸው፤ ሁለቱንም ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ገፋኋቸው። እዚያ አንባቢ ይጠብቃቸዋል፤ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄው ሳይነሣ መልሱ ይመጣ ነበር። የአንቀጹ መዝጊያ ደግሞ "ከዚያች ቀን ወዲህ ሕይወቴ እንደድሮው አልሆነችም" የሚል ነበር። ሐሰት ነው። የተለወጠው አረማመዴ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ጥቅምት። ሰረዝሁት።

የቀረው ይህ ነው፦

"አባቴ ከገበያ የገዛልኝ ጫማ ሁለቱም የግራ ነበር። በሲባጎ ታስሮ ነበርና እስከ ማታ ማንም አላወቀም። እናቴ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው፣ አባቴ ኩራዙን ዝቅ አደረገ፣ እኔ ግራውን አደረግሁ፤ ልክ መጣ። ሌላውን ግራ አደረግሁ። አባቴ ኩራዙን ከፍ አድርጎ እግሬን ሳይሆን ፊቴን አየና፣ 'እግር ይለምዳል' አለ።"

ስለ ራሴ ስሜት አንድም ቃል የለበትም። አፈረ፣ አዘነ፣ ተቆጣ የሚሉት ሁሉ ኩራዙ ከፍና ዝቅ ሲል ገብተዋል፤ ከእኔ በላይ ያዘነው አባቴ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ያውቃል፤ ያላወቀው ደግሞ ወደ ፊት ይደርስበታል።

ርዕሱን ከዚያው ከአንቀጹ ውስጥ ቆርጬ አወጣሁት፦ "እግር ይለምዳል"። ያልወጠረ ርዕስ መምረጥ ለዚህ ጥበብ አዲስ አይደለም። መስፍን ሀብተማርያም የወግ መጽሐፉን "የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች" ሲለው አንድም ቅጽል አልጨመረበትም፤ የቡና ቤት ስዕል እንደምናውቀው ነው። በ1580 እ.ኤ.አ. ድርሰቶቹን ማሳተም የጀመረው ፈረንሳዊው ሞንቴኝማ ስለ ሽታ፣ ስለ እንቅልፍ፣ እንዲያውም ስለ አውራ ጣት ብሎ አርእስት የሰጠ ሰው ነው። ይህን ለባለቤቴ ነገርኋት። "ስለ አውራ ጣት ምን የሚጻፍ አለ?" አለች፣ በአውራ ጣቷ ጠጠር እየገፋች።

"እግር ይለምዳል" ሲነበብ ተራ ምክር ይመስላል። አንቀጹ ሲያልቅ የአባቴ አፍ ላይ ይገኛል። ወጉ ሲያልቅ፣ እኔ ተምሬ ከአገሬ ወጥቼ፣ በማይሆነኝ ቦታ ሁሉ እግሬን እያስለመድሁ የኖርሁበትን ዘመን እንዲሸከም አስቤ ነበር። አንባቢ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም ማወቅ የለበትም። ርዕስ ጽሑፉ ሲያልቅ ተመልሰው ቢያዩት ክብደት የጨመረ እንደሆነ በቂ ነው።

ለንባቡ አንድ ቀን ሲቀረው ለአባቴ ደወልሁ። የሰው ቃል በትእምርተ ጥቅስ ከማስገባት በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ደግ ነው፤ በተለይ ባለቤቱ በሕይወት ካለና ከጉና ሥር ሆኖ ስልክ የሚያነሣ ከሆነ።

"አባባ፣ ያ ኮንጎ ጫማ ትዝ ይልሃል?"

"እንዴት ይረሳኛል፤ የቀኝ ቀኙ?"

"የግራ ግራው።"

"የቀኝ ነበር። የገዛሁት እኔ አይደለሁ?"

"ያደረግሁት እኔ አይደለሁ?"

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል። ቆይቶ "እናትህን ላቅርብልህ" አለ። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ድንቹ ከጠየቀችኝና ከነገረችኝ በኋላ ወደ ነገሩ ገባች። የግራ ይሁን የቀኝ እሷ አታስታውስም፤ አንደኛው ውኃ ያስገባ እንደነበር ግን ታስታውሳለች። "እግር ይለምዳል" መባሉንስ? "እሱን ያልሁት እኔ ነኝ" አለች። "አባትህማ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ደንግጦ ነበር።"

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋሁት። ርዕሱ የእናቴ ሆነ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተከራካሪ መጣበት። አንዱ መንገድ ዝም ማለት ነበር፤ ከንባብ ወዳጆቼ ማን ጉና ወጥቶ ያጣራል? ግን አሁን ሳየው ኩራዙን ከፍ አድርጎ አንድ ቃል ያልወጣው አባት እኔ ከፈጠርሁት ተናጋሪ አባት ይበልጣል። የመጨረሻውን መሥመር ለእናቴ መለስሁላት። "ማንም አላወቀም" የሚለውን ሳልነካ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ አንድ አጭር ጨመርሁ።

ማታ ባለቤቴ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች።

"አባቴ ከገበያ የገዛልኝ ጫማ ሁለቱም የግራ ነበር" አልሁ። "አባቴ የቀኝ ነበር ይላል።"

እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። በማግስቱ ምሳ ላይ ወጡ ጠጠር ነበረበት።